ስትራይክ ሲመጣ፦ የዩትዩብ ስቱዲዮን የጥሰት ገጽ እንዴት እናንብብ?

ቻናል ያላቸው ሰዎች ተደናግጠው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። «ገጹ ላይ የተጻፈው ቃል በቃል ምን ይላል?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ስትራይክ መጣብኝ» ነው። ስትራይክ ማለት ሕግ ሲጣስ ቻናሉ ላይ የሚመዘገብ ቅጣት ነው። አብረን ከፍተን ስናየው ግን አንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዱ ለአንድ ዘፈን የመጣ ክሌም፣ ማለትም የባለመብትነት ጥያቄ ነው፣ ስትራይክ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ እውነተኛ ስትራይክ ነው። ባለቤቱ ግን ሳምንት ጠብቆ ቪዲዮ መጫን ስለቻለ ጉዳዩ ያለቀ መስሎት ረስቶታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ክሌም መጥቶበት የደነገጠ ሰው ቢበዛ እንቅልፍ ያጣል። ስትራይኩን የረሳ ሰው ግን ቻናሉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ገጹን ቀስ ብለን ከላይ እስከ ታች እናንብበው።

መጀመሪያ፦ በራሳችሁ እጅ ክፈቱት

ዩትዩብ ስትራይክ ሲሰጥ ኢሜይል ይልካል። ስቱዲዮ ውስጥም ያሳውቃል። ችግሩ፣ የቻናል ሌቦችም ይህን ያውቃሉ። «ቻናልዎ ሕግ ጥሷል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እዚህ ይግቡ» የሚል የውሸት ኢሜይል ይልካሉ። አርማው እውነተኛውን ይመስላል፣ አጻጻፉም እንደዚያው። ሰውየው በድንጋጤ ሊንኩን ይጫናል፣ ፓስዎርዱን ያስገባል፣ ቻናሉ በዚያው ይሄዳል።

ስለዚህ ኢሜይሉ እውነተኛ ቢሆንም ባይሆንም ሊንኩን አትንኩት። ብራውዘር ክፈቱና አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ፦

```
studio.youtube.com
```

ስትገቡ የመጀመሪያው ገጽ Dashboard ይባላል። እውነተኛ ስትራይክ ወይም ማስጠንቀቂያ ካለ እዚያው Channel violations የሚል ካርድ ታገኛላችሁ። ካርዱ ከሌለና ኢሜይሉ ስትራይክ አለባችሁ ካለ፣ ኢሜይሉን ተጠራጠሩት።

ሁለተኛው የምታዩት ቦታ በግራ በኩል ካለው ዝርዝር Content የሚለው ነው። እያንዳንዱ ቪዲዮ በአንድ መስመር ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ከአምዶቹ መካከል Restrictions የሚል አለ። ቪዲዮው ላይ የዕድሜ ገደብ ወይም የኮፒራይት ጉዳይ ካለ እዚያ ይጻፋል። ማውሱን ቃሉ ላይ ስታሳርፉት ዝርዝሩን ማየት የሚያስችል ሊንክ ይመጣል። ይህን በኮምፒውተር ብታደርጉት ይሻላል። ስልክ ላይ ሁሉም ነገር እኩል ግልጽ ሆኖ አይታይም።

ከሁለቱ ቦታዎች ያያችሁትን ፎቶ አንሱ፣ ማለትም ስክሪንሾት ያዙ። ቀኑ፣ የቪዲዮው ርዕስና የሕጉ ስም አብረው እንዲታዩ አድርጉ። ኋላ ላይ ይግባኝ ስትጽፉ ወይም ቀን ስትቆጥሩ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛ፦ የየትኛው መዝገብ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዩትዩብ ላይ ያለው አንድ መዝገብ ብቻ አይደለም። የሚቆጠሩት ለየብቻ ነው፣ ቅጣታቸውም ለየብቻ ነው።

አንደኛው የማኅበረሰብ መመሪያ መዝገብ ነው። ጥላቻ፣ ማጭበርበር፣ አደገኛ ድርጊት፣ የሐሰት ሊንክና የመሳሰሉት እዚህ ይገባሉ። ከማስጠንቀቂያ ይጀምርና ወደ ስትራይክ ያድጋል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ከሞላ ቻናሉ ይዘጋል።

ሁለተኛው የኮፒራይት ስትራይክ ነው። ይህ የሚመጣው አንድ የመብት ባለቤት «ይህ ሥራዬ ነው፣ አንሱልኝ» ብሎ ሕጋዊ ጥያቄ ሲያቀርብና ቪዲዮው ሲነሳ ነው። እሱም ሦስት ሲሞላ ቻናሉን ያዘጋል። ከመጀመሪያው መዝገብ ጋር ግን አይደመርም። አንድ የማኅበረሰብ መመሪያ ስትራይክና ሁለት የኮፒራይት ስትራይክ ያለበት ቻናል «ሦስት ሞልቶበታል» አይባልም። አንዱ መዝገብ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት ነው ያለበት።

ሦስተኛው ኮንተንት አይዲ የሚባለው ሥርዓት የሚያመጣው ክሌም ነው። ሰውን ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም Restrictions ሥር Copyright ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ሰው ስትራይክ ይመስለዋል። አይደለም። ማሽኑ ቪዲዮአችሁ ውስጥ የሌላ ሰው ዘፈን ወይም ምስል አግኝቷል ማለት ብቻ ነው። ባለመብቱ ቀድሞ የመረጠው ነገር ይፈጸማል። ወይ የማስታወቂያውን ገቢ ይወስዳል፣ ወይ ቪዲዮውን ይዘጋዋል፣ ወይ እይታውን ብቻ ይከታተላል። መዝጋቱም በአንዳንድ አገሮች ብቻ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን ስትከፍቱ ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንደተገኘ ያሳያችኋል። ያንን ክፍል ቆርጣችሁ ማውጣት፣ ድምፁን ማጥፋት ወይም በሌላ ሙዚቃ መተካት እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ይቻላል። ቪዲዮውን እንደገና መጫን አያስፈልግም።

ሌሎች ሁለት ምልክቶችም አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። የዕድሜ ገደብ ስትራይክ አይደለም። ቪዲዮው ከ18 ዓመት በታች ላሉና በአካውንታቸው ላልገቡ ተመልካቾች አይታይም፣ በቃ። ቢጫ የዶላር ምልክትም ስትራይክ አይደለም። ቪዲዮው ላይ ማስታወቂያ በጥቂቱ ይመጣል ወይም ጭራሽ አይመጣም ማለት ነው። ሁለቱም ቪዲዮውን እንጂ ቻናሉን አይቀጡም።

ሦስተኛ፦ የሕጉን ስም በትክክል አንብቡ

አሁን አንድ ቻናል ይዘን እንሂድ። ለምሳሌ ያህል የኮምፒውተር ትምህርት የሚሰጥ ቻናል ይሁን። ባለቤቱ በክፍያ የሚሸጥ አንድ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ያለ ክፍያ እንዴት እንደሚጫን አሳየ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቪዲዮው ተነሳ፣ ማስጠንቀቂያም መጣ።

ባለቤቱ ወዲያው ያሰበው ኮፒራይትን ነው። ያስኬዳል፣ የሰው ፕሮግራም በነጻ ስለማውጣት ነው ያሳየው። ወደ ኮፒራይት ገጹ ሄደ፣ ምንም አላገኘም። ግራ ገባው። «ማን ነው የከሰሰኝ?» እያለ ባለመብቱን መፈለግ ጀመረ።

Channel violations የሚለው ካርድ ላይ ግን የተጻፈው ሌላ ነው። Harmful or dangerous content ይላል። ጎጂ ወይም አደገኛ ይዘት ማለት ነው። በዚህ መመሪያ ሥር የሰውነት ጉዳት የሚያደርስ ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ሰው በገንዘብ የሚያገኘውን ፕሮግራም፣ ጌም ወይም ፊልም ያለ ፈቃድ በነጻ ማግኛ መንገድ ማሳየትም ተካቷል። ከሳሽ የለም፣ የሚለመንም ባለመብት የለም። ዩትዩብ በራሱ ሕግ ነው የቀጣው።

ይህን ያህል ጊዜ የወሰድኩበት ምክንያት አለኝ። የሕጉ ስም ከምትጠብቁት ጋር ላይገጥም ይችላል። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትገምቱ። ከስሙ ጋር ወደ መመሪያው የሚወስድ ሊንክ አለ፣ እሱን ከፍታችሁ ዝርዝሩን አንብቡ። እያንዳንዱ መመሪያ የማይፈቀዱ ነገሮችን በምሳሌ ይዘረዝራል። የእናንተ ቪዲዮ የሚመስለውን አንድ መስመር እስክታገኙ ፈልጉ። መስመሩን ስታገኙት ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ በራሱ ይታያችኋል።

ሌላም ነገር እዩ። ጥፋቱ ቪዲዮው ውስጥ ላይሆን ይችላል። ርዕሱ፣ ተምኔሉ ወይም ከሥሩ ያለው ጽሑፍ፣ ማለትም ዲስክሪፕሽኑ፣ ራሱን ችሎ ሊያስቀጣ ይችላል። የዚያው ቻናል ባለቤት ማርች 3 ቀን ሁለተኛ መልእክት ደረሰው። አሁን የመጣው ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ስትራይክ ነበር። ቪዲዮው ስለ ኮምፒውተር ፍጥነት ነው፣ ንጹህ ትምህርት። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየው፣ ምንም አላገኘበትም። የተጠቀሰው ሕግ ግን External links ነበር፤ ስለ ውጭ ሊንኮች የሚናገረው መመሪያ ማለት ነው። ዲስክሪፕሽኑ ውስጥ ያንን ፕሮግራም በነጻ ወደሚያወርዱበት ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ነበረ። ያስቀጣው ሊንኩ ነው። ቪዲዮውን መቶ ጊዜ ቢያየው አያገኘውም ነበር።

ስለ ማስጠንቀቂያው አንድ ነገር

ማስጠንቀቂያ ቅጣት የለውም። ቪዲዮው ይነሳል እንጂ ከመጫን አትከለከሉም። ስለዚህ ብዙ ሰው አንብቦ ይዘጋዋል። እዚያው ገጽ ላይ ግን አጭር የመመሪያ ሥልጠና እንድትወስዱ ምርጫ ይሰጣችኋል። ጥቂት ጥያቄዎችን መመለስ ነው።

ሥልጠናውን ከወሰዳችሁ ማስጠንቀቂያው በ90 ቀን ውስጥ ይጠፋል። ካልወሰዳችሁት እዚያው ይቆያል። 90 ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ ማስጠንቀቂያው ከመጣበት ቀን ሳይሆን ሥልጠናውን ከጨረሳችሁበት ቀን ነው። ሁለት ወር ዘግይታችሁ ከወሰዳችሁት፣ ሁለት ወር ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። በእነዚያ 90 ቀናት ያንኑ መመሪያ እንደገና ከጣሳችሁ ማስጠንቀቂያው አይጠፋም፣ ስትራይክም ይጨመርበታል። ሥልጠናው ደጋግሞ ለሚያጠፋ ሰው ላይሰጥ ይችላል። በጣም ከባድ በሆነ ጥፋት ደግሞ ማስጠንቀቂያም ሳይኖር ቻናል ሊዘጋ ይችላል።

የምሳሌያችን ሰው ሥልጠናውን አልወሰደም። ስለዚህ ማርች 3 ላይ የመጣበት ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ስትራይክ ሆነ።

አራተኛ፦ ሁለቱን ሰዓቶች ለዩ

ስትራይክ ሲመጣ ሁለት ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ ረጅም። አጭሩ የእገዳው ሰዓት ነው። ረጅሙ የስትራይኩ ዕድሜ ነው። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን አንድ ሲያደርጋቸው ነው።

በመጀመሪያው ስትራይክ እገዳው አንድ ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ቪዲዮ መጫን፣ በቀጥታ ማስተላለፍ፣ ፖስት መለጠፍ፣ አዲስ ተምኔል መሥራት፣ ፕሌይሊስት ማዘጋጀት አይቻልም። ቀድማችሁ ቀን ቆርጣችሁ ያስቀመጣችሁት ቪዲዮም በቀኑ አይወጣም። ወደ ግል ይቀየርና ይቆያል። ይህንን ልብ በሉ፤ እገዳው ሲነሳ ያ ቪዲዮ በራሱ አይወጣም። ገብታችሁ እንደገና ቀን መስጠት አለባችሁ። አንዳንዱ ሰው «ቪዲዮዬን ደበቁብኝ» የሚለው ይህን ባለማወቅ ነው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉም ነገር በራሱ ይከፈታል። ማመልከት የለም። ስትራይኩ ግን እዚያው ነው፤ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን ይቆያል።

በዚያው 90 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ስትራይክ ከመጣ እገዳው ሁለት ሳምንት ይሆናል። ሦስተኛው ከመጣ ቻናሉ ለዘለቄታው ይነሳል።

በቀን እንየው። የሰውየው የመጀመሪያ ስትራይክ ማርች 3 ነው። እገዳው ማርች 10 ላይ አለቀ። ደስ አለው፣ ሥራውን ቀጠለ። የስትራይኩ 90 ቀን ግን የሚያልቀው ጁን 1 ነው።

ኤፕሪል 20 ላይ ሁለተኛ ስትራይክ መጣ። የተነሳው ቪዲዮ አዲስ አይደለም፣ ከዓመት በፊት የጫነው ነው። ምክንያቱ ያው ሊንክ። ሰውየው ዲስክሪፕሽኑን አንድ ጊዜ ጽፎ ለሁሉም ቪዲዮ ኮፒ ሲያደርግ ነበር የኖረው። ማርች ላይ ሊንኩን ያጠፋው ከአንዱ ቪዲዮ ብቻ ነው። ቪዲዮው አሮጌ መሆኑ አያድንም፤ የሚቆጠረው የተጫነበት ቀን ሳይሆን ስትራይኩ የተሰጠበት ቀን ነው።

አሁን እገዳው ሁለት ሳምንት ነው፣ እስከ ሜይ 4። የሁለተኛው ስትራይክ 90 ቀን የሚያልቀው ደግሞ ጁላይ 19 ነው። እንግዲህ ወረቀት ላይ እንዲህ ይጻፍ፦

ከኤፕሪል 20 እስከ ጁን 1 ድረስ ሁለት ስትራይክ አለበት። በዚህ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ከመጣ ቻናሉ ሄደ። ከጁን 1 በኋላ የመጀመሪያው ይወርዳል፣ አንድ ብቻ ይቀራል። ጁን 10 ላይ አዲስ ቢመጣ ሦስተኛ ሳይሆን ሁለተኛ ሆኖ ይቆጠራል። ከጁላይ 19 በኋላ፣ ሌላ ካልመጣ፣ ስትራይክ የለበትም።

እያንዳንዱ ስትራይክ የየራሱ 90 ቀን አለው። አዲሱ ሲመጣ የድሮው ቀን አይታደስም፣ የድሮው ሲወርድም አዲሱ አብሮት አይወርድም። ቀኖቹን ከኢሜይሉ ሳይሆን ከገጹ ላይ ወስዳችሁ ካሌንደር ላይ ጻፉ። ገጹ የሚያሳየው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ስትጽፉ እንዳይምታታባችሁ።

በእገዳው ጊዜ ደግሞ በሌላ ቻናል ልጫን የሚል ሐሳብ ይመጣል። አታድርጉት። እገዳን በሌላ ቻናል ማለፍ ራሱ ጥፋት ነው፣ ሁለቱንም ሊያዘጋ ይችላል።

አምስተኛ፦ ከመሰረዛችሁ በፊት

ስትራይክ ያየ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ ቪዲዮውን መሰረዝ ነው። «ከጠፋ ይረሳል» ብሎ። የማኅበረሰብ መመሪያ ስትራይክ ላይ ይህ ምንም አይጠቅምም። ቪዲዮው ይጠፋል፣ ስትራይኩ ይቆያል። ከዚያም አልፎ ይግባኝ የምትሉበትን ዕድል ታጣላችሁ፣ ምክንያቱም ተመልሶ የሚታይ ቪዲዮ የለም።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ ግን አለ፣ እሱም የኮፒራይት ነው። አንዳንድ ባለመብት ቪዲዮው ወዲያው እንዲነሳ አይጠይቅም። ሰባት ቀን ይሰጣል። በዚህ ጊዜ የምታገኙት ማሳወቂያ ቪዲዮው ከሰባት ቀን በኋላ ሊነሳ ቀጠሮ እንደተያዘለት ይነግራችኋል። በእነዚያ ሰባት ቀናት ራሳችሁ ከሰረዛችሁት ስትራይክ አይመጣም። ካለፈ ግን ቪዲዮው ይነሳል፣ ስትራይኩም ይመዘገባል። እንግዲህ መሰረዝ እዚህ ያድናል፣ እዚያ አያድንም። ለዚህ ነው መጀመሪያ የየትኛው መዝገብ እንደሆነ ለዩ ያልኳችሁ።

ስድስተኛ፦ ይግባኝ የት ነው፣ ለማን ነው?

በማኅበረሰብ መመሪያ ጉዳይ ይግባኙ ለዩትዩብ ነው። Channel violations ካርዱን ስትከፍቱ Appeal የሚል ቁልፍ አለ። ለአንድ ስትራይክ ይግባኝ የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በንዴት አትጻፉት። ያንን የመመሪያውን መስመር አምጡና ቪዲዮአችሁ ለምን እንደማይነካው በአጭሩ አስረዱ። «ብዙ ተከታይ አለኝ፣ እባካችሁ» ማለት አይጠቅምም። «በ4ኛው ደቂቃ ላይ የሚታየው አጭበርባሪዎች የሚጠቀሙበት ገጽ ነው፣ ተመልካቹ እንዲጠነቀቅ ነው ያሳየሁት» ማለት ይጠቅማል። ሰዓቱንና ምክንያቱን ንገሯቸው።

መልሱ ከሦስት አንዱ ይሆናል። ቪዲዮው ይመለሳል፣ ስትራይኩም ይነሳል። ወይም ቪዲዮው ይመለስና የዕድሜ ገደብ ይደረግበታል፣ ስትራይኩ ግን ይነሳል። ወይም ሁሉም ባለበት ይጸናል።

ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ይግባኙን ዝለሉት እላለሁ። የምሳሌያችን ሰው ሊንኩን በእርግጥ አስቀምጧል። ሊከራከርበት የሚችለው ነገር የለም። ጊዜውን የቀሩትን ዲስክሪፕሽኖች በማጽዳት ቢጠቀምበት ይሻለዋል።

የኮፒራይት መንገድ ሌላ ነው። እዚያ ዩትዩብ ዳኛ አይደለም፣ ሌላ ወገን አለ። ስትራይኩ የሚነሳባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው 90 ቀኑን መጠበቅ ነው። የመጀመሪያ ስትራይካችሁ ከሆነ ኮፒራይት ስኩል የሚባለውን አጭር ትምህርት መጨረስ ይጠበቅባችኋል። ሁለተኛው ባለመብቱን አነጋግሮ ጥያቄውን እንዲያነሳ መለመን ነው። ስሙና አድራሻው ዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል፣ በትሕትና ጻፉለት። ሦስተኛው መቃወሚያ ማስገባት ነው።

መቃወሚያ ቀላል ነገር አይደለም። ሕጋዊ ሰነድ ነው። ትክክለኛ ስማችሁንና አድራሻችሁን ትሰጣላችሁ፣ እሱም ለከሳሹ ይተላለፋል። ከሳሹ ፍርድ ቤት መሄዱን የሚያሳይ ማስረጃ ለማቅረብ 10 የሥራ ቀን አለው። ካላቀረበ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል። ፈቃድ እንዳላችሁ ወይም በስህተት እንደተነሳ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አታስገቡት። «እስቲ ልሞክረው» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ክሌም ላይም መከራከር ይቻላል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስትከራከሩ ባለመብቱ ለመመለስ 30 ቀን አለው። እምቢ ካለና ይግባኝ ካላችሁ ደግሞ 7 ቀን አለው። ያኔ ባለመብቱ ቪዲዮው እንዲነሳ ሕጋዊ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። እሱን ካደረገ ምንም ያልነበረበት ቻናል የኮፒራይት ስትራይክ ያገኛል። ከበስተጀርባ ለሚሰማ የ20 ሴኮንድ ዘፈን እዚያ ድረስ መሄድ አያዋጣም። ዘፈኑን ቀይሩት፣ ክሌሙ ይነሳል።

ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ

ወደ ሰውየው እንመለስ። ሜይ ላይ ነው ያለው። ሁለት ስትራይክ አለበት፣ ጁን 1 አልደረሰም። አሁን አዲስ ቪዲዮ ከመጫን በፊት የሚያደርገው ነገር አለ።

Content ውስጥ ከላይ ያለውን ማጣሪያ ይከፍታል። Description የሚለውን ይመርጣል። የዚያን ድረ ገጽ ስም ይጽፋል። ሊንኩ ያለባቸው ቪዲዮዎች በሙሉ ይወጡለታል። አንድ በአንድ ከፍቶ ያጠፋዋል። ከዚያ ወደ Settings ይሄዳል፣ Upload defaults የሚለውን ይከፍታል። ለእያንዳንዱ አዲስ ቪዲዮ በራሱ የሚሞላው ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው። ሊንኩ እዚያ ከቀረ፣ ዛሬ ሁሉንም ቢያጸዳም ነገ የሚጭነው ቪዲዮ ይዞት ይመጣል።

የተሰካ ኮሜንትም ማየት አለበት። የውጭ ሊንክ መመሪያው ዲስክሪፕሽን ላይ ብቻ አያቆምም። በኮሜንት የተለጠፈውንም፣ ቪዲዮው ውስጥ በአፍ «እዚህ ግቡ» ተብሎ የተነገረውንም ይመለከታል። የድረ ገጹን ስም በአፉ የጠራባቸው ቪዲዮዎች ካሉ፣ ያንን ክፍል በስቱዲዮው ማስተካከያ ቆርጦ ማውጣት ይችላል።

ገቢ ለመጀመር ያሰበ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቀን ይጽፋል። ወደ ዩትዩብ የአጋሮች ፕሮግራም ለመግባት በማኅበረሰብ መመሪያ በኩል ምንም ያልወረደ ስትራይክ መኖር የለበትም። ስለዚህ የተከታዩ ቁጥርና የእይታ ሰዓቱ ቢሞላለትም ማመልከቻውን ከጁላይ 19 በፊት ማስገባቱ ዋጋ የለውም። በዚያ ቀን Dashboard ላይ ገብቶ ካርዱ መነሳቱን ያይና ያኔ ያመልክታል።